ከምስጋና ወደ ምስክርነት
የደንበኛን ቃል ምንም ሳይጨምሩ ስለ ማረም

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የአንድ ተቋራጭ ወይም አማካሪ ድርጅት ማስተዋወቂያ መጽሔት ሲገለጥ፣ ከተሠሩት ሥራዎች ዝርዝር ቀጥሎ «ደንበኞቻችን ምን ይላሉ» የሚል ገጽ መገኘቱ የተለመደ ነው። በዚያ ገጽ ላይ ከሚነበቡት ዐረፍተ ነገሮች አብዛኞቹ የተወለዱት ለጨረታ ከሚቀርበው የመልካም ሥራ አፈጻጸም ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ማኅተም ያለበት ሰነድ በመሆኑ ቋንቋው የታወቀ ነው፤ ሥራው በውሉ መሠረት፣ በጥራትና በወቅቱ መጠናቀቁን ይመሰክራል። ለጨረታ ኮሚቴ ይህ ይበቃል፤ የደብዳቤውም ቃል እንዳለ ሊጠበቅ እንጂ ሊነካ አይገባውም። ነገር ግን ይኸው ቃል ተቀንጭቦ፣ ከስሙ ግርጌ ፎቶግራፍ ታክሎበት፣ ለአንባቢ እንደ ሰው ንግግር ሲቀርብ ማንም አያምነውም። አንባቢው ሐሰት ነው ብሎ አይደለም፤ ስለ ምን እንደሚናገር ስለማይገባው ነው። አንድ ምስክርነት ከፓምፕ ተካይ ገጽ ተነሥቶ በልብስ ሰፊ ገጽ ላይ ቢለጠፍና አንዲት ቃል እንኳ መለወጥ ባያስፈልገው፣ ስለ ፓምፑ ምንም አልተናገረም ማለት ነው።

የዚህ ንግግር ጉዳይ እንዲህ ያለውን ቃል ወደ ዝርዝር ነገር እያቀረቡ ማረም የሚቻለው እንዴት እንደሆነ፣ ይልቁንም በዚህ ጊዜ ፈጠራ በየትኛው በር ሾልኮ እንደሚገባ ማሳየት ነው። ቀጥሎ የሚቀርበው ምሳሌ ለማብራሪያ የተሰናዳ እንጂ የአንድ የታወቀ ድርጅት ታሪክ አይደለም። ስለ ምስክርነት እየተናገሩ ምስክር መፍጠር ነውር ስለሆነ ይህን አስቀድሞ መግለጹ ተገቢ ነው።

አንድ አነስተኛ ድርጅት ይታሰብ፤ ሥራው ለመኖሪያ ሕንፃዎች የውሃ ፓምፕና ማጠራቀሚያ መትከል ነው። ከደንበኞቹ አንዱ 20 አባወራ የሚኖርበት፣ ከምድር ቤቱ በላይ 4 ፎቅ ያለው የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ነው። የከተማው ውሃ ወደ ሰፈሩ የሚመጣው በፈረቃ፣ በሳምንት 2 ሌሊት ሲሆን፣ ግፊቱ ደካማ ስለሆነ ወደ ላይኞቹ ፎቆች አይወጣም። ድርጅቱ ከሕንፃው ሥር 10,000 ሊትር፣ ከጣሪያው ላይ ደግሞ ሌላ 10,000 ሊትር የሚይዙ ሮቶዎችን አስቀምጦ፣ በመካከላቸው ፓምፕ ተክሎ በመጋቢት መጀመሪያ አስረከበ። በርክክቡ ዕለት የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ በጡረታ ላይ ያሉ መምህርት፣ የተሰጣቸውን ቅጽ ሞሉ። የጻፉትም ይህ ነው፦

«ድርጅቱ ለሰጠን የላቀ አገልግሎት ከልብ እናመሰግናለን። የውሃ ችግራችን ሙሉ በሙሉ ተቀርፏል። ሥራው ጥራት ያለው ነው። ለሌሎችም እንዲሠራ እንመክራለን።»

የዚህን ጽሑፍ ጉድለት በሰብሳቢዋ ላይ ማሳበብ አይቻልም። ቅጹ የጠየቃቸው «በአገልግሎታችን ረክተዋልን?» ብሎ ነው፤ ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ከምስጋና በቀር ሌላ መልስ የለውም። ከዚህም በላይ ቅጹ የተሞላው ፓምፑ አንድ ፈረቃ እንኳ ሳያልፈው ነበር። ችግሩ ሙሉ በሙሉ መቀረፉን በዚያ ቀን ሊያውቅ የሚችል ሰው አልነበረም።

አራሚው ቁጭ ብሎ ይህን ቃል ለማሻሻል ቢነሣ በእጁ ያለው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ እርሱም መፍጠር ነው። «የላቀ አገልግሎት» የሚለውን ወደ ዝርዝር ለመለወጥ ዝርዝሩ ከየት ይመጣል? ከአራሚው ራስ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ብዕር ማንሣት ሳይሆን ወደ ሰውየው መመለስ ነው። ጊዜውም ቢያንስ ዕቃው አንድ ክረምትና አንድ በጋ ባይሆን እንኳ ጥቂት ወራት ከሠራ በኋላ ሊሆን ይገባል። በምሳሌው ላይ የድርጅቱ አንድ ወጣት መሐንዲስ በነሐሴ መጨረሻ ወደ ሰብሳቢዋ ቤት ሄዶ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቆ፣ ድምፃቸውን እየቀዳ 20 ደቂቃ ያህል አነጋገራቸው። የጠየቃቸውም ስለ ድርጅቱ አልነበረም። «እትዬ፣ ፓምፑ ከመተከሉ በፊት ውሃ በሚመጣበት ሌሊት እዚህ ቤት ምን ይደረግ ነበር?» አላቸው። ቀጥሎም «ለውጡን መጀመሪያ ያስተዋሉት በምን ነው?»፣ «ያልተስማማዎት ነገር ምን ነበር?» እያለ ጠየቀ። ቁጥር በጠሩ ቁጥር ደግሞ «ይህን በምን ያውቁታል?» ይል ነበር። ይህች የመጨረሻዋ ጥያቄ ከሁሉም ትበልጣለች፤ ተናጋሪው ራሱ ያየውን፣ ከሌላ የሰማውንና የገመተውን ትለያለችና።

ከቅጂው ላይ የተገለበጠው ንግግር በከፊል እንዲህ ይነበባል፦

«ምን ልበልህ ልጄ፤ ውሃው የሚመጣው ረቡዕና ቅዳሜ ሌሊት ነው፣ ያውም ከሁለተኛ ፎቅ በላይ አይወጣም። እኔ ሁለተኛ ነኝ፣ ለእኔ ቀጭን ሆኖም ቢሆን ይደርሰኛል። አራተኛ ፎቅ ያሉት ልጆች ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ጀሪካን ይዘው በበሬ ሲያልፉ እሰማ ነበር፤ ጀሪካኑ ደረጃውን ሲመታ ማን ይተኛል? አሁንማ እንቅልፌን እተኛለሁ። አዎ፣ መጀመሪያ ሳምንት ቆሞብን ነበር። ያቺ የምትንሳፈፈው ነገር ተጣብቃ ነው አሉ። ደወልን፣ በማግስቱ መጥተው ቀየሩ፤ ገንዘብ አልጠየቁንም። ደግሞ በግንቦት ውሃ ዐሥር ቀን ጠፍቶ በስድስተኛው ቀን ሮቶው ባዶ ሆነ። ያኔ ቦቴ ገዛን። እሱ እንኳ የእናንተ ጥፋት አይደለም። የቦቴው ወጪ በግማሽ የቀነሰ ይመስለኛል።»

ልዩነቱን ማብራራት አያስፈልግም። ቅጹን የጻፉትና ይህን የተናገሩት አንድ ሰው ናቸው፤ በቅጹ ላይ ግን ደረጃውን የሚመታ ጀሪካን አልነበረም። ዝርዝሩ ድሮም በእርሳቸው ዘንድ ነበር፤ የጠየቃቸው ሰው ግን አልነበረም።

አሁን ማረም ይጀመራል፤ አደጋውም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አራሚው እያንዳንዱን ነገር ለይቶ፣ በድርጅቱና በኮሚቴው መዝገብ ሊመሳከር የሚችለውን ማመሳከር አለበት። በምሳሌው ሦስት ነገሮች ተመሳክረው ሦስቱም የየራሳቸውን ትምህርት ሰጥተዋል።

የመጀመሪያው «በማግስቱ መጥተው ቀየሩ» የሚለው ነው። በድርጅቱ የጥገና ካርድ ላይ ጥሪው የተመዘገበው ሰኞ ምሽት፣ ዕቃው የተለወጠው ረቡዕ ጠዋት ነው። ሰብሳቢዋ አልዋሹም፤ ከአምስት ወር በኋላ ያስታወሱት በቸርነት ነው። ሆኖም ስሕተቱ ለድርጅቱ የሚያደላ ስለሆነ እንዳለ የመተው ፈተና አለ፤ «እርሳቸው ያሉት ነው» ማለት ይቻላልና። ይህ አያስኬድም። ድርጅቱ ሐሰት መሆኑን በካርዱ እያወቀ ካተመው፣ ቃሉ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሰብሳቢዋ መሆኑ ቀርቶ የድርጅቱ ይሆናል። መሐንዲሱ ካርዱን ይዞ ቢሄድ ሰብሳቢዋ ወዲያው አስታወሱ፤ «እውነት ነው፣ ሰኞ ማታ ነው የደወልነው፣ ማክሰኞ ስንጠብቅ ዋልን፤ ረቡዕ ጠዋት መጡ» አሉ። «ሰኞ ማታ ደወልን፣ ረቡዕ ጠዋት መጡ» የሚለው አነጋገር «በማግስቱ» ከሚለው የዘገየ ቢሆንም ይበልጥ የሚታመን መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ሁለተኛው የቦቴው ወጪ ነው። ሰብሳቢዋ «በግማሽ የቀነሰ ይመስለኛል» ብለዋል። የኮሚቴው ደረሰኞች ሲታዩ፣ ፓምፑ ከመተከሉ በፊት በነበሩት 6 ወራት፣ ከመስከረም እስከ የካቲት፣ 9 ቦቴ ውሃ ተገዝቷል፤ ከተተከለ በኋላ ባሉት 6 ወራት፣ ከመጋቢት እስከ ነሐሴ፣ 2 ብቻ። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ይህን ባየ ጊዜ እጅግ ደስ ብሎት «ከ9 ወደ 2» የሚለው ቁጥር በሰብሳቢዋ ቃል ውስጥ እንዲገባ አዘዘ። በዚህ ትእዛዝ ውስጥ ሁለት ጥፋቶች ተደራርበዋል። አንደኛ፣ የፊተኞቹ ወራት በአመዛኙ የበጋ ሲሆኑ የኋለኞቹ ክረምቱን ያካተቱ ናቸው፤ ስለዚህ የቁጥሩ መቀነስ የፓምፑና የዝናቡ ድምር ነው። ተገቢው ንጽጽር ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወራት ጋር ነው። ያለፈው ዓመት የመጋቢትና የነሐሴ መካከል ደረሰኞች ሲቆጠሩ 5 ሆኑ። ከ5 ወደ 2 ማለት ነው፤ ይህም ሰብሳቢዋ በግምት ከተናገሩት ግማሽ ብዙ የራቀ አይደለም። ከሥራ አስኪያጁ ስሌት የመምህርቷ ግምት ለእውነቱ ቀርቦ ተገኘ።

ሁለተኛው ጥፋት የባለቤትነት ነው። ቁጥሩ ትክክል ቢሆንም እንኳ ሰብሳቢዋ አልተናገሩትም። ከመዝገብ የተገኘ ቁጥር ከትእምርተ ጥቅሱ ውጭ፣ በድርጅቱ ስም፣ ምንጩ ተጠቅሶ ሊጻፍ ይችላል፦ «በኮሚቴው ደረሰኞች መሠረት ከመጋቢት እስከ ነሐሴ የተገዛው የቦቴ ውሃ ባለፈው ዓመት 5፣ በዚህ ዓመት 2 ነው» ተብሎ። ወይም ደረሰኙ ለሰብሳቢዋ ታይቶ ራሳቸው ሊሉት ቢወድዱ ይባላል። በምሳሌው ሰብሳቢዋ «ሁለቱን ቦቴ አስታውሳለሁ፣ በግንቦት ነው የገዛናቸው፤ ያምናውን ግን አላስታውስም» ስላሉ፣ 2 በቃላቸው ውስጥ ገባ፤ 5 በድርጅቱ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ቀረ። እንዲህ ያለው ጥንቃቄ የበዛ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ገጹን የሚያነቡት የዚያው ሕንፃ ነዋሪዎችም ናቸው፤ መምህርቷም ነገ በደረጃው ላይ የሚያገኟቸው እነርሱኑ ነው።

ሦስተኛው በተለይ ለሙያው ሰዎች የሚሆን ነው። በርክክቡ ሰነድ ላይ 2.5 ባር ግፊት ተመዝግቧል። ሥራ አስኪያጁ «በ4ኛው ፎቅ ግፊቱ 2.5 ባር ደርሷል» የሚል ሐረግ ቢጨመር ምስክርነቱ ክብደት እንደሚያገኝ አሰበ። ሰብሳቢዋ የግፊት መለኪያ አይተው አያውቁም። ይህ ብቻውን ይበቃ ነበር፤ ነገር ግን ሐረጉ በሥራው ሕግም ስሕተት ነው። 2.5 ባር የተለካው በምድር ቤት፣ በፓምፑ መውጫ ላይ ነው። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ 1 ባር ያህል ግፊት ስለሚፈጥር፣ ውሃውን ወደ ጣሪያ ለማድረስና የቧንቧውን ሰበቃ ለማሸነፍ ያን ያህል ያስፈልጋል። ከጣሪያው ሮቶ ወደ 4ኛው ፎቅ የሚወርደው ውሃ ግን ከበላዩ ያለው ከፍታ ጥቂት ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ግፊቱ ግማሽ ባር እንኳ ላይሞላ ይችላል። ጽሑፉን ያየ ማንኛውም የውሃ መሐንዲስ በአንድ ዕይታ ይስቅበት ነበር፤ የሚስቀውም በድርጅቱ ብቻ ሳይሆን ፈጽሞ ባልተናገሩት በመምህርቷ ላይ ጭምር ነው። በአጠቃላይ በደንበኛ አፍ ውስጥ የሙያ ቃል ሲገኝ፣ ወይም በአንድ ገጽ ላይ ያሉት አምስት ምስክሮች ሁሉ በአንድ ዓይነት አነጋገርና በተመሳሳይ ርዝመት ሲናገሩ፣ የአራሚው እጅ እንደገባበት መጠርጠር ይቻላል። ድምፅን ከፍ አድርጎ አምስቱን በተከታታይ ማንበብ ይህን ቶሎ ያጋልጣል።

ታዲያ አራሚው ምን ማድረግ ይፈቀድለታል? ድግግሞሽን መቁረጥ፣ ቅደም ተከተልን ማስተካከል፣ የተሰባበረ ሰዋስውን መጠገን፣ «እሱ» የተባለው ፓምፑ መሆኑ ግልጽ ሲሆን «ፓምፑ» ብሎ መጻፍ ይችላል። በሌላ አገር ይህ ጉዳይ በሕግ ታይቷል። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣውና በ2009 እና በ2023 ባሻሻለው መመሪያ፣ ማስታወቂያው ቃል በቃል ነው ብሎ ካላቀረበው በቀር የምስክሩ ንግግር ቃል በቃል መጥቀስ ግዴታ አይደለም፤ ነገር ግን ከአገባቡ ተነጥሎ ወይም ተለውጦ የምስክሩን አስተያየትና ልምድ በማናቸውም መንገድ ማዛባት የለበትም። የዚያው አገር ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1991 ጄፍሪ ማሶን በጸሐፊዋ በጃኔት ማልኮምና በኒው ዮርከር መጽሔት ላይ ባቀረቡት የስም ማጥፋት ክስ፣ የተናጋሪን ቃል አውቆ መለወጥ ብቻውን አውቆ ሐሰት እንደ መጻፍ እንደማይቆጠር፣ ለውጡ የትርጉም መሠረታዊ ልዩነት ካስከተለ ግን እንደሚቆጠር ወስኗል። በኢትዮጵያም የማስታወቂያ ዐዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ይሁን እንጂ የሕጉ ወሰን ዝቅተኛው ነው። የአማርኛ አንባቢ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ያለውን የሰው ቃል አድርጎ ስለሚቀበለው፣ በዚያ ውስጥ ሰውየው ያልተናገረው ወይም አንብቦ ያልተቀበለው አንድም ቃል ባይገባ ይመረጣል።

መቁረጥም ሊዋሽ ይችላል። ሥራ አስኪያጁ ፓምፑ በመጀመሪያው ሳምንት መቆሙና ሮቶው በግንቦት ባዶ መሆኑ እንዲወጡ ፈልጎ ነበር። አራሚው አንድም ቃል ሳይጨምር፣ ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች ብቻ ሰርዞ፣ ተመልሶ «ሙሉ በሙሉ ተቀርፏል» ወደሚለው ሐሰት መድረስ ይችል ነበር። ለንግዱም ቢሆን ስረዛው አይጠቅምም። 20 አባወራ በቀን 4,000 ሊትር ያህል ቢጠቀም 20,000 ሊትር የሚበቃው ለ5 ቀን ነው። በስድስተኛው ቀን ሮቶው ባዶ መሆኑ የሥራው ጉድለት አይደለም፤ ስሌቱ ያለው ነው። ሌላ የነዋሪዎች ኮሚቴ ይህን ሲያነብ በእርሱ ሰፈር ውሃ ስንት ቀን እንደሚጠፋ አስቦ የሚፈልገውን መጠን ያዝዛል። ይህ ሳይነገረው የገዛ ደንበኛ ግን በስድስተኛው ቀን ድርጅቱን ይከሳል። ሰብሳቢዋም የታረመው ቃል ሲነበብላቸው የግንቦቱ ነገር ካልገባ ስማቸው እንዳይጻፍ ተናገሩ፤ «በግንቦት ጎረቤቶቼ ጀሪካን ተሸክመው እያየሁ፣ ውሃ ጠፍቶ አያውቅም ብዬ እንዴት እፈርማለሁ?» አሉ። ሥራ አስኪያጁ በዚህ ጊዜ ተስማማ፤ ደስ እያለው ነበር ማለት ግን አይቻልም።

በመጨረሻ የታተመው ይህ ነው፦

«ውሃ የሚመጣው ረቡዕና ቅዳሜ ሌሊት ነው፤ ቀድሞ ከሁለተኛ ፎቅ በላይ አይወጣም ነበር። የአራተኛ ፎቅ ልጆች ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ጀሪካን ይዘው በበሬ ሲያልፉ እሰማ ነበር፤ ጀሪካኑ ደረጃውን ሲመታ ማን ይተኛል? አሁንማ እንቅልፌን እተኛለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ያቺ የምትንሳፈፈው ነገር ተጣብቃ ፓምፑ ቆሞብን ነበር፤ ሰኞ ማታ ደወልን፣ ረቡዕ ጠዋት መጥተው ያለ ክፍያ ቀየሩልን። በግንቦት ውሃ ዐሥር ቀን ጠፍቶ በስድስተኛው ቀን ሮቶው ባዶ ሆነ፤ ያኔ ሁለት ቦቴ ገዛን።»

ከዚህ ሥር የድርጅቱ የራሱ ዐረፍተ ነገር፣ የቦቴው ንጽጽርና የሮቶዎቹ መጠን ተጽፏል። «እንመክራለን» የሚል ቃል የለበትም፤ አንባቢው ካነበበ በኋላ ራሱ ይወስናል።

ይህን ዓይነት ሥራ የማይቀበሉ ምስክርነቶችም አሉ። ተጠይቆ «ጥሩ ነው፣ ችግር አላየሁም» ከማለት በቀር የሚጨምረው የሌለው ደንበኛ ይኖራል። እርሱን ደጋግሞ መጎትጎት፣ ይልቁንም «ወጪዎ በግማሽ አልቀነሰም?» እያሉ መልሱን በጥያቄው ውስጥ ማስቀመጥ፣ ፈጠራውን ከአራሚው ወደ ደንበኛው ማዛወር ነው። እንዲህ ያለው ቃል እንዳለ ይተው ወይም አይታተም። ደንበኛው ስለ ተናገረ ቅናሽ ወይም ስጦታ ተሰጥቶት ከሆነም ይኸው በገጹ ላይ መነገር አለበት።

ሥራው ሲያልቅ በድርጅቱ መዝገብ አራት ነገሮች ይቀመጣሉ፦ የድምፁ ቅጂ፣ ከቅጂው የተገለበጠው ንግግር፣ ማመሳከሪያ የሆኑት ካርድና ደረሰኞች፣ እንዲሁም ሰብሳቢዋ አንብበው ቀን ጽፈው የፈረሙበት የታረመው ቃል። በገጹ ላይም ቃሉ የተነገረበት ወርና ዓመት ይታተማል። ፓምፑ በሌላ ዓይነት ቢለወጥ ወይም የሰፈሩ ፈረቃ ቢቀየር፣ ያ ቀን ምስክርነቱ ስለ የትኛው ፓምፕና ስለ የትኛው ጊዜ እንደተነገረ ያሳያል፤ ድርጅቱም ገጹን እንደገና ከማተሙ በፊት መምህርቷን ሄዶ ሊጠይቃቸው ይገባል።